ድፍን ኳስና ባዶ ሲሊንደር በዘቅዛቃ ላይ፦ የትኛው በምን ያህል እንደሚቀድም አስልቶ በጣውላ ላይ ማረጋገጥ

«ድፍን ሉልና ውስጡ ባዶ የሆነ ሲሊንደር ከአንድ ከፍታ እኩል ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ ይደርሳል?» ሲባል «ሉሉ» ብሎ መመለስ ብዙም አያስቸግርም። ተማሪው የሚሰናከለው «በምን ያህል?» ሲባል ነው። ወረቀት ላይ የሁለቱ ፍጥነት አንድ ይሆንበታል፣ ወይም ያገኘው ሰዓት ከትክክለኛው ግማሽ ይሆናል። ጣውላ ላይ ሲሞክረው ደግሞ ኳሱና ቧንቧው እኩል ይደርሱና ቀመሩን መጠራጠር ይጀምራል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር አንድ ብይና አንድ የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ይዞ ከስሌቱ ይነሳና ጣውላው ላይ በሚሰመር አንድ የጠመኔ መስመር ይጠናቀቃል። ብይዋ ታች ያለውን መቆሚያ ስትመታ ቧንቧው መስመሩ ላይ መገኘት አለበት። ካልተገኘ፣ ምን እንደተበላሸ የሚጠቁመው ከመስመሩ ያለፈበት ወይም የቀረበት አቅጣጫ ነው።

## የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቢያንስ 1.70 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ያልተጣመመ ለስላሳ ጣውላ ፈልጉ። አንድ የመስታወት ብይ፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ፣ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ ልክ፣ መቆሚያ የሚሆን አንድ ወፍራም እንጨትና ስሎው ሞሽን መቅረጽ የሚችል ስልክ ያስፈልጋሉ።

ሁለት ዕቃዎችን አትጠቀሙ። የፒንግ ፖንግ ወይም የቴኒስ ኳስ ድፍን ስላልሆነ ስሌቱ አይሠራለትም። የቲማቲም ድልህ ጣሳም ክዳንና ቂጥ እስካለው ድረስ ባዶ ሲሊንደር አይባልም፤ ክዳኑና ቂጡ ወደ መሃሉ የቀረበ ቁስ ስለሚጨምሩበት ከስሌቱ ይፈጥናል።

## ደረጃ 1፦ ቧንቧውን ቁረጡና ለኩ

1. ከቧንቧው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ከዚህ ካጠረ እየተወላገደ ይሄዳል፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ትንሽ ጠመም ብሎ ከተቀመጠ ወደ ጣውላው ጠርዝ ያመራል።
2. የመጋዙን ሻካራ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አንሱ። ጠርዙ ላይ የቀረች ትንሽ ቁራጭ በእያንዳንዱ ዙር ቧንቧውን ታነሳዋለች።
3. የውጩን ዲያሜትርና የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። እዚህ የምንሠራበት ምሳሌ ውጩ 50፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የውስጡ ዲያሜትር 46 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ የሚቀነሰው ከሁለቱም ጎን መሆኑን አትርሱ።
4. ቧንቧውን ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንከባልሉት። ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ከቆመ ሞላላ ሆኗል ወይም ግድግዳው በአንድ በኩል ወፍሯል ማለት ነው። ከሌላ ቦታ ሌላ ቁራጭ ቁረጡ።

የብይዋንም ሆነ የቧንቧውን ክብደት መመዘን አያስፈልግም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ይታያል።

## ደረጃ 2፦ የእያንዳንዳቸውን k አውጡ

ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ (I) አንድን አካል ማሽከርከር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚለካ ነው። ቁሱ ከዛቢያው በራቀ ቁጥር ማሽከርከሩ ይከብዳል። የክብ አካላት I ሁሉ አንድ ቅርጽ አለው፤ MR² በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ነው የሚገኘው። ያንን ቁጥር k እንበለው። የዚህ ጥያቄ ምስጢር በሙሉ k ውስጥ ነው ያለው።

የድፍን ሉል k = 2/5 = 0.4 ነው። ግድግዳው እጅግ ስስ የሆነ ባዶ ሲሊንደር k = 1 ነው፤ ቁሱ በሙሉ ከዛቢያው በ R ርቀት ላይ ስላለ። የፈተና ጥያቄ «ስስ» ካለ 1 ተጠቀሙ። እጃችሁ ላይ ያለው ቧንቧ ግን ውፍረት ስላለው እንዲህ ይሰላል፦

```
k = ½ (1 + (r/R)²)
k = ½ (1 + (46/50)²) = ½ (1 + 0.846) = 0.923
```

r የውስጡ፣ R የውጩ ሬዲየስ ነው። ንፅፅር ስለሆነ በዲያሜትር ብትሠሩትም መልሱ አይለወጥም።

ተጠንቀቁ፦ ለባዶው ሲሊንደር ½ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ½ የድፍን ሲሊንደር ነው። ላዩ ላይ ያለው ቀመር ራሱ ይህን ያሳያል፤ ቀዳዳው ጠፍቶ r ዜሮ ሲሆን k ወደ ½ ይወርዳል፣ r ከ R ጋር ሲተካከል 1 ይሆናል። የእናንተ ቧንቧ k ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ካልወጣ ስሌቱን መልሳችሁ እዩት።

## ደረጃ 3፦ ፍጥነቱን አስሉ

አንድ ነገር ከከፍታ h ሲወርድ የሚያገኘው ጉልበት Mgh ነው። ሳይሽከረከር ቢንሸራተት ኖሮ ሁሉም ወደፊት ለመሄድ ይውል ነበር። የሚንከባለል አካል ግን ከዚያው ጉልበት ላይ ለመሽከርከርም ይከፍላል።

```
Mgh = ½Mv² + ½Iω²
I = kMR²,   ω = v/R
Mgh = ½Mv² (1 + k)
v = √( 2gh / (1 + k) )
```

ሦስተኛው መስመር ላይ R² ከ R² ጋር፣ አራተኛው ላይ ደግሞ M ከ M ጋር ተጣጥተዋል። ስለዚህ የብይዋ ትንሽነትም ሆነ የቧንቧው ክብደት ለውጥ አያመጣም።

አሁን ቁጥር እናስገባ። መንገዱ L = 1.50 ሜትር፣ የከፍታው ልዩነት h = 0.15 ሜትር ነው። 2gh = 2 × 9.8 × 0.15 = 2.94 ይሆናል።

```
ብይ፦    v = √(2.94 / 1.4)   = √2.10 = 1.45 m/s
ቧንቧ፦   v = √(2.94 / 1.923) = √1.53 = 1.24 m/s
```

ለስስ ሲሊንደር (k = 1) ከሆነ √1.47 = 1.21 m/s ይመጣል።

ሰዓቱን ስታወጡ ርቀቱን በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ አታካፍሉ። አካሉ የተነሳው ከቆመበት ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ የመጨረሻው ግማሽ ነው። ስለዚህ t = 2L/v ነው፦ ለብይዋ 2.07 ሰከንድ፣ ለቧንቧው 2.43 ሰከንድ።

### እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ

የመጀመሪያው የመሽከርከሩን ጉልበት መርሳት ነው። መልሳችሁ ለሁለቱም 1.71 m/s ከሆነ ½Iω² ወረቀታችሁ ላይ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው «ሰበቃ ስላለ ጉልበት ይጠፋል» ብሎ ከ Mgh ላይ አንድ ነገር መቀነስ ነው። ቅን ስህተት ነው፤ ሰበቃ የለም ብሎ እንደመተው ግን ያው ውጤቱን ያበላሻል። ሰበቃው አለ፤ አካሉን የሚያሽከረክረውም እሱ ነው። ነገር ግን ሳይንሸራተት ሲንከባለል ጣውላውን የሚነካው ነጥብ በዚያች ቅጽበት ቆሞ ነው ያለው። የማይንቀሳቀስ ነጥብ ላይ ያረፈ ኃይል ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ የሚቀነስ ጉልበት የለም። ሰበቃው የሚያደርገው ከወደፊቱ ጉዞ ቀንሶ ለመሽከርከሩ መስጠት ነው። ብይዋ ከጉልበቷ 2/7 ለመሽከርከር ታውላለች፣ ስስ ሲሊንደር ግማሹን።

## ደረጃ 4፦ የጠመኔውን መስመር ቦታ አውጡ

በእጅ ሰዓት ይዞ 2.07 እና 2.43 ሰከንድን መለካት አይመከርም። ጣት ሲጀምርም ሲያቆምም ይዘገያል፣ የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። በርቀት መለካት ይሻላል።

ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ከተለቀቁ፣ በእኩል ጊዜ የሄዱት ርቀት የሚወዳደረው እንደ አክስለሬሽናቸው ነው። አክስለሬሽኑ ደግሞ ይህ ነው፦

```
a = g sinθ / (1 + k)
X = L × (1 + 0.4) / (1 + k)
X = 1.50 × 1.4 / 1.923 = 1.09 m
```

X ብይዋ መቆሚያውን ስትመታ ቧንቧው የሄደበት ርቀት ነው። g እና sinθ ከሁለቱም ስለወጡ X ውስጥ የሉም። የጣውላውን ከፍታ በአንድ ሳንቲ ሜትር ብትሳሳቱ እንኳን መስመሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ በሰዓት ከመለካት ይልቅ ይህን የምንመርጠው በዋናነት ለዚህ ነው።

## ደረጃ 5፦ ጣውላውን ትከሉ

1. መቆሚያውን እንጨት ከታች በኩል ለጣውላው ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ ወይም በምስማር ምቱ።
2. ከመቆሚያው ፊት ወደ ላይ 1.50 ሜትር ለክታችሁ የመነሻ መስመር አስምሩ። ከመነሻው ወደ ታች 1.09 ሜትር ላይ ሁለተኛውን መስመር አስምሩ።
3. መነሻው ከመቆሚያው በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ከሥሩ መጽሐፍ ደርድሩ። ከፍታውን ሁለቱ ነጥቦች ላይ ከወለሉ ለክታችሁ ቀንሱ፤ የጣውላው ጫፍ ከፍታ h አይደለም።
4. ውሃ ልኩን በአግድም አስቀምጡ። ጣውላው ወደ ጎን ካዘነበለ ብይዋ ቀድማ ትከዳችኋለች።
5. ቧንቧውን በተቆረጠው ፊቱ ጣውላው ላይ አቁሙት። ቆሞ ከቀረ፣ ሲንከባለልም አይንሸራተትም። ቆሞ እንዳይንሸራተት የሚያስፈልገው የሰበቃ መጠን tanθ ሲሆን፣ ለመንከባለል ግን ለስስ ሲሊንደር የዚያ ግማሽ፣ ለድፍን ሉል 2/7ኛው ይበቃል። የቆመው ከተንሸራተተ ጣውላው ላይ ዘይት ወይም ሰም አለ፤ አጽዱት።

ጣውላውን በጨርቅ ወይም በምንጣፍ አትሸፍኑ። ለስላሳ ነገር ትንሿን ብይ ከቧንቧው ይልቅ ይይዛታል።

ከሁሉ በላይ ይህን ተጠንቀቁ፦ ብይዋ ወደ ጎን እንዳትሄድ ብላችሁ ቦይ ውስጥ ወይም በሁለት ሐዲድ መሃል አታስኪዷት። ቦይ ውስጥ ስትሆን የምትነካው በሁለት ጠርዝ ነው፤ ሆዷ ከጠርዙ በታች ስለሚወርድ የምትንከባለልበት ሬዲየስ ያንሳል። ዲያሜትሯ 16 ሚሊ ሜትር የሆነች ብይ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቦይ ላይ ብትሄድ እንዲህ ይሆናል፦

```
r² = 8² − 6² = 28
k = 0.4 × (64 / 28) = 0.914
```

የቧንቧችን k 0.923 ነበር። ማለትም ብይዋ ብልጫዋን በሙሉ አጥታ ከቧንቧው ጋር እኩል ትደርሳለች። «ሞክሬው እኩል ደረሱ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ በምን ላይ እንዳንከባለላት ነው።

## ደረጃ 6፦ ልቀቁ

1. ማስመሪያውን በመነሻው መስመር ላይ በጠርዙ አቁሙና ብይዋንና ቧንቧውን ከላይ በኩል አስደግፉበት። በመሃላቸው አንድ እጅ ያህል ክፍተት ይኑር። መጠናቸው ቢለያይም ፊታቸው ማስመሪያውን፣ በመጨረሻም መቆሚያውን ስለሚነካ ሁለቱም የሚሄዱት 1.50 ሜትር ነው።
2. ቧንቧው ማስመሪያውን በርዝመቱ በሙሉ መንካቱን እዩ። በአንድ ጫፉ ብቻ ከነካ ጠሞ ይሄዳል።
3. ማስመሪያውን ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ በፍጥነት ግፉና ወዲያው ከመንገዳቸው አንሱት። ከቦታው ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ አትሳቡት። አንድ አካል ወደ ታች ሊንከባለል ሲል ፊቱ የሚዞረው ወደ ታች ነው፤ ማስመሪያው ያንን ፊት ወደ ላይ ፈትጎት ሲሄድ ገና ከመነሻው ወደኋላ ያሽከረክረዋል።

## ደረጃ 7፦ ቅረጹና አንብቡ

ስልኩን ከ1.09 መስመር ቀጥታ በላይ ያዙት፤ መቆሚያው በምስሉ ጠርዝ ይታይ። ብይዋ የመታችበትን ቅጽበት ብቻ ስለምንፈልግ መቆሚያው ሰያፍ ቢታይ አይጎዳም። የቧንቧው ፊት ግን ከጣውላው 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ከጎን የታየ እንደሆነ ከመስመሩ ያለፈ ወይም የቀረ ይመስላል።

በሰከንድ 120 ምስል ቅረጹ። በዚያች ሰዓት ቧንቧው በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል። በተለመደው 30 ምስል ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ 3.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚያልፍ የስስ ሲሊንደሩን መስመር (1.05) ከእኛው (1.09) መለየት አትችሉም። በ120 ግን ስህተቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ይሆናል።

ቪዲዮውን ብይዋ በነካችበት ምስል ላይ አቁሙ። የቧንቧው ፊት ከመነሻው ስንት ላይ እንደሆነ አንብቡ፤ ያ X ነው። አሥር ጊዜ ድገሙና ብይዋ ወይም ቧንቧው ጠርዝ የነካበትን ጣሉ። ከአማካዩ X የቧንቧውን k መልሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፦

```
k = 1.4 × L / X − 1
```

## መስመሩ ላይ ካልተገኘ

ቧንቧው መስመሩን አልፎ ከተገኘ ወይ ብይዋ ዘግይታለች፣ ወይ ቧንቧው ተንሸራቷል። ለምሳሌ X = 1.20 ከሆነ k 0.75 ይወጣል፤ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧ ይህን ሊሰጥ አይችልም። መጀመሪያ ብይዋን እዩ፦ የጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ገብታ፣ አቧራ ላይ ወጥታ ወይም ጎን ለጎን እየተንቀዋለለች ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ መንሸራተቱን ፈትሹ። የቧንቧው ፊት ላይ በማርከር አንድ ነጥብ አድርጉና ሌላ ቪዲዮ ከጎን ቅረጹ። አንድ ዙር 15.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ መቆሚያው ዘጠኝ ዙር ተኩል ያህል መዞር አለበት። በግልጽ ካነሰ ተንሸራቷል፤ ጣውላውን አጽዱ ወይም ከፍታውን ቀንሱ።

ቧንቧው ከመስመሩ በላይ ከቀረ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አለቃቀቁ ነው። የቪዲዮውን መጀመሪያ ለማየት ስልኩን ወደ መነሻው አዙሩና ቧንቧው ከብይዋ ዘግይቶ መነሳቱን ወይም ማስመሪያው እንደፈተገው እዩ። ካልሆነ ጠርዙ ላይ የቀረ ሻካራ ነገር አለ፤ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

በየሙከራው የተለያየ ቁጥር ከመጣ፣ ማለትም አንዴ 1.03 አንዴ 1.15 ከሆነ፣ ስሌቱን አትንኩት። እጃችሁ ነው። ማስመሪያውን በሁለት ጫፉ በሁለት እጅ ያዙት፤ በአንድ እጅ ሲገፋ አንዱ ጫፍ ስለሚቀድም አንዱን አካል ቀድሞ ይለቃል።

ሁሉም ተስተካክሎ X ሁልጊዜ 1.07 ላይ ከወጣ የግድግዳውን ውፍረት እንደገና ለኩ። ቧንቧችሁ ካሰባችሁት የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት k 0.96 ይሆንና መስመሩ ወደ 1.07 ይወጣል።